የቦራ ጌታ

የአክስቴ ባል ጎጃም ውስጥ ገበሬ ናቸው። አክስቴ ካረፈች በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ መጥተው እኛ ቤት ሰነበቱ። ያን ሰሞን እኔ ለአንድ የግጥም ምሽት የማነበውን እያዘጋጀሁ ነበር። በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው እኔ አይደለሁም፤ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው። ሞፈር ጨብጬ አላውቅም፤ የሞተችብኝም ሚስት የለችም። ግን መጻፉ አልከበደኝም፤ በአንድ ቀን አለቀ። ማታ ቡና ሲጠጣ አነበብሁላቸው።

የሕይወት ትርጉሙ ጠፋኝ ካንቺ ወዲያ፣
ብቸኝነት ሆነ የነፍሴ ገበያ።
ህልሜም ተበተነ እንደ ጉም በጠዋት፣
ዝምታ ነገሠ በባዶ ሰገነት።

ስኒውን ይዘው ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ይኼ ሰውዬ መምህር ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አያ፣ ገበሬ ነው።»

«እንግዲያ መቼ ነው የሚያርሰው?»

ሳቅን። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ቤት አይመታም፣ ምጣኔው ጎደለ ብለውኝ ቢሆን አስተካክለው ነበር። እርግጥ ግጥሙ ደንበኛ የወል ቤት ነው፤ በእያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነበር። ገበሬ ይናገራል ብዬ የጻፍሁት ግጥም ውስጥ የሚናገረው እኔው ነበርሁ፤ የሰው ጋቢ ደርቤ።

በሌላ ሰው አፍ መናገር ለአማርኛ ግጥም እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት አልቃሽ ስትገጥም የሟችን እናት ሆና፣ ሚስቱን ሆና ትናገራለች። የሞተው የእሷ ልጅ እንዳልሆነ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ቢያውቅም ያለቅሳል። አዝማሪ ቤት ደግሞ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው የሰውየውን ፍቅር፣ የሰውየውን ቂም የራሱ አስመስሎ ከማሲንቆው ጋር ያወጣዋል። ቤቱ የቱ የማን እንደሆነ አይጠፋውም። በጽሑፍ ከመጡት ውስጥ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የመንግሥቱ ለማን «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» ነው። መንግሥቱ የአሜሪካን የዘር መድሎ በራሱ ስም ሊያወግዝ ይችል ነበር። ያደረገው ግን ማዕረጉን የሚወድ፣ ኩሩ አበሻ ወደዚያ አገር መላክ ነው። ስሙንና ማዕረጉን አርእስቱ ላይ አኖረው፤ አንባቢ ገና ሳይጀምር ተናጋሪው ማን እንደሆነ ያውቃል። ይኸው መንግሥቱ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአፋቸው እየሰማ መጽሐፍ ያደረገ ሰው ነው። የሌላን ሰው አነጋገር በሌላው ሰው ልክ መስማት የለመደ ጆሮ ነበረው።

አርእስት ላይ ስም ማኖር ቀላል ዘዴ ይመስላል፤ በአማርኛ ግን የሚያስፈልግበት የቋንቋው ጠባይ አለ። «ሄድሁ፣ በላሁ፣ አለቀስሁ» ስንል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። «ሄደ» እና «ሄደች»፣ «አንተ» እና «አንቺ» ይለያሉ፤ «እኔ» አይለይም። ስለዚህ ሴት ገጣሚ በወንድ ገበሬ አፍ ስትጽፍ ግሱ አይረዳትም። አንባቢው ምልክት ካላገኘ ደግሞ «እኔ» የሚለውን ሁሉ በገጣሚው ስም ይመዘግበዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ስንኞች ተናጋሪው በሚነካው ዕቃ፣ በሚጠራው ስም፣ በሚያስጨንቀው ነገር መለየት አለበት። የእኔ ግጥም አራት ስንኝ ሙሉ ሄዶ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አንድም ነገር አልተናገረም።

ጠዋት ላይ ቁርስ እየበላን ቃል በቃል እንዲያርሙኝ ለመንኋቸው። «ሰገነት» የሚለው ላይ አልቆዩም፤ የእሳቸው ቤት ያለው መደብና ጓዳ ነው። «የነፍሴ ገበያ» ላይ ግን ቆሙ።

«ገበያና ብቸኝነት ምን አገናኛቸው? ገበያማ ሰው የሚገኝበት ነው። እኔ እሷ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲናፍቀኝ የምሄደው ገበያ ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። እኔ ገበያን የወሰድሁት ለቤት መምቻ፣ ከ«ወዲያ» ጋር ስለሚገጥም ነው። ለሰውየው ግን ገበያ ምሳሌ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን በእግሩ የሚሄድበት ቦታ ነው። ተናጋሪው የሚያነሣው ነገር በእሱ ሕይወት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ካላወቅን ቃሉ የእሱ ቢሆንም ሐሳቡ የእኛ ሆኖ ይቀራል።

የእንግሊዙ ባለቅኔ አልፍሬድ ቴኒሰን እ.ኤ.አ. በ1864 ያሳተመው «የሰሜኑ ገበሬ» የሚባል ግጥም አለው። ቴኒሰን ያን ጊዜ የንግሥቲቱ ባለቅኔ ነበር፤ ተናጋሪው ግን ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሽማግሌ የእርሻ አዛዥ ነው፤ የሚናገረውም ቴኒሰን ባደገበት በሊንከንሻየር ገጠር አነጋገር ነው። መነሻው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ አንድ የእርሻ አዛዥ ሊሞት ሲል፣ እኔን በዚህ ሰዓት መውሰዱ አምላክ የሚያደርገውን ባያውቅ ነው የሚል ነገር እንደተናገረ ዘመዱ አጫውቶታል። ቴኒሰን ከዚያች አንዲት ንግግር ሙሉውን ሰው አወጣ። ሽማግሌው ስለ ሞት ፍልስፍና አይናገርም። ሐኪሙ የከለከለውን ጠላ አምጡልኝ ይላል፤ መንጥሮ ያለማውን ጠፍ መሬት ያነሣል፤ ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል ብሎ ይጨነቃል። ሞትን የሚያየው ሥራ በሚበዛበት ወቅት እንደሚያስተጓጉል ነገር ነው። የፈራውን ነገር በስሙ ሳይጠራ እኛ እናየዋለን።

ይህን አስቤ ሁለተኛውን ረቂቅ ጻፍሁ። አሁን የገበሬ ዕቃ እጨምርበታለሁ አልሁ።

ሞፈሩ ቀንበሩ ማረሻና እርፉ፣
አለቀሱ ላንቺ እስኪያንቀላፉ።

አያ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «እርፉ አንቀላፋ?» እያሉ ልጆቹን ጠሩ። ይህ ጥፋት ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ጥናት ይመስላል። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን እያሉ መደርደር ሙዚየም ነው። ገበሬ ዕቃውን የሚጠራው ሲያስፈልገው ነው፤ ምራኑ ሲበጠስበት ምራን ይላል። ማረሻና እርፉ ደህና ከሆኑ አያነሣቸውም። እንዲህ ያለውን ግጥም መለያው ቀላል ነው፤ የዕቃውን ስም በሌላ ዕቃ ስም ለውጠን ስናነበው ምንም ካልተጓደለ፣ ዕቃው ለጌጥ ነው የገባው።

ከዚያ ወዲያ መጻፉን ትቼ መጠየቅ ጀመርሁ። ስለ ሐዘንዎ ይንገሩኝ አላልሁም፤ እንዲያ ቢባሉ «እግዜር ያውቃል» ብለው ይዘጉታል። የጠየቅሁት ስለ ቀኑ ነው። ስንት ሰዓት ይወጣሉ? መቼ ይፈታሉ? ምሳ ማን ያመጣል?

«ድሮ እሷ ናታ። አገልግሉን ይዛ በዚያ በመንገዱ ብቅ ስትል በሬዎቹን እፈታለሁ። አሁን ጠዋት ይዤው ነው የምወጣው። መጀመሪያ ሰሞን ቦራ እንቢ አለኝ። ቀትር ሲሆን ይቆምና መንገዱን ያያል። ወዲህ ስለው አይሄድ፣ ወዲያ ስለው አይሄድ። እሱ የሚያውቀው እሷ ስትመጣ መፈታትን ነው።»

ቦራ የቀኝ በሬያቸው ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። እሳቸው ይህን ያወሩት በሬው አስቸገረኝ ብለው ነው። እኔ ግን መጻፊያዬን አነሣሁ።

ሌላው የነገሩኝ ስለ እንጀራ ነው። በአካባቢያቸው ወንድ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ምጣድ ላይ ግን አይቀመጥም። አክስቴ ስትሞት ትልቋ ልጅ ተድራ ሄዳለች፣ ትንሿ ገና አሥር ዓመቷ ነው። በለቅሶው ሰሞን ጎረቤት እንጀራ ያመጣ ነበር። ለቅሶው ሲያልቅ ቡሃቃው ሲከፈት እርሾው ደርቋል። እርሾ ደግሞ ከቡኮ ወደ ቡኮ የሚተላለፍ ነው፤ ከዛሬው ለሚቀጥለው ይተርፋል፤ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ከሰው ቤት መበደር ነው። አክስቴ ቤቱን ስትመሠርት ያመጣችው ያ እርሾ ስንት ዓመት ሲተላለፍ ቆይቶ እዚያ ላይ ቆመ። ይህን መጨረሻ ላይ ያልሁትን እሳቸው አላሉም። እሳቸው ያሉት «እርሾው ደርቆ ቆየኝ» ብቻ ነው።

«ቆየኝ» የምትለዋን አስተውሉ። በእሳቸው ንግግር ውስጥ ከሁሉ በላይ ጆሮዬን የያዙት ስሞች አልነበሩም፤ እንዲህ ያሉ የግስ ጭራዎች ናቸው። ጤፍ ዘርተው ዝናብ ሲመጣ «ዘነበልኝ» ይላሉ። አጭደው አውድማ ላይ ሲያደርሱ ያው ዝናብ ቢመጣ «ዘነበብኝ» ነው። ስለ አክስቴ ሲናገሩ «ሞተችብኝ»። ሴቷን መበለት ስንላት ወንዱን «ሚስቱ የሞተችበት» የምንለውም በዚችው ጭራ ነው። አንዲት ፊደል ተናጋሪው ከነገሩ ጋር በየት በኩል እንደቆመ ትነግረናለች። የከተማ ሰው «ዝናብ ነው» ይላል፤ ዝናቡ ለማን ወይም በማን ላይ እንደሆነ የሚቆጥረው ገበሬው ነው። ከድግርና ከወገል ይልቅ ይህቺ ገበሬ ታደርጋለች።

አነጋገሩን ራሱን ግን ሙሉ በሙሉ አልገለበጥሁም። የአገር ቤት አማርኛን በየስንኙ መዝራት ጸሐፊውን የሚያስደስት፣ አንባቢውን የሚያስቅ ይሆናል፤ የሐዘን ግጥም ደግሞ በተናጋሪው አነጋገር ከተሳቀበት አለቀ። ቴኒሰን የሊንከንሻየሩን አነጋገር ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ተሳካለት፤ ያም ሆኖ የሌላ አገር ሰው በቀላሉ አያነበውም። እኔ እንዲህ ያለ ልጅነት የለኝም። የወሰድሁት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮቻቸውንና ለበሬ የሚናገሩበትን አኳኋን ብቻ ነው።

ለበሬ መናገር የሚለው ሦስተኛውን ረቂቅ አዳነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሰውየው ለሟቿ «ካንቺ ወዲያ» እያለ ነበር የሚናገረው። ሟችን «አንቺ» ማለት ብዙ ገጣሚ የሚገባበት ወጥመድ ነው፤ ምክንያቱም ተናጋሪው እሷ የምታውቀውን ሁሉ እንደገና ሊነግራት ይገደዳል። «ምሳ ታመጪልኝ ነበር» ቢላት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተነገረው ለአንባቢው ነው፤ አንባቢውም ይህ ይታወቀዋል። ለበሬ የሚናገር ሰው ግን ምንም አያብራራም። ያዘዋል፣ ይቆጣዋል፣ ይለምነዋል። ሐዘኑ ከትእዛዙ መሀል ሾልኮ ነው የሚወጣው።

ቁም ቦራ ቁም በቃ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣
ምነው ያን መንገዱን ዓይንህ ያማትራል?
እርሾውም ደረቀ ቡሃቃው ሻገተ፣
ልበደር ብወጣ እግሬ ተጎተተ።

አሁን አንዲት «ሐዘን» የምትል ቃል የለችም። ሚስቱም በስም አልተነሣችም። መንገዱን የሚያየው በሬው ነው እያለ ነው የሚናገረው፤ በሬው ማየቱን ለማወቅ ግን እሱም ወደዚያው ማየት አለበት። ይህን ሰውየው አያውቀውም፤ አንባቢው ያውቀዋል። በሌላ አፍ የተጻፈ ግጥም የሚቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ ተናጋሪው ከሚናገረው በላይ ያሳየናል፣ ማሳየቱን ግን አያውቅም። ክፍተቱ ከጠፋ፣ ማለትም ሰውየው ራሱን እንደ ገጣሚው አጥርቶ ካየ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነዋል ማለት ነው።

ይህን ክፍተት እስከ መጨረሻው የወሰደችው ሻርሎት ሚው ናት። ሎንዶን ተወልዳ ሎንዶን የኖረች፣ ትዳር ያልያዘች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣችው «የገበሬው ሙሽራ» በገበሬ አፍ የተነገረ ነው። ገበሬው ልጅ እግር ሚስት አግብቷል፤ ልጅቱ ወንድ ትፈራለች። አንድ ሌሊት ጠፍታ ስትሮጥ ሰው ተሰብስቦ አሳድዶ ይይዛትና ቤት ይቆለፍባታል። ገበሬው ይህን የሚያወራው ክፉ ነገር ሠራሁ ብሎ አይደለም፤ የጠፋች በግ ተፈልጋ ተገኘች እንደሚባለው ነው። ያገባበትን ጊዜ የሚቆጥረው በበጋ ነው፤ እሷን የሚመስላት በሚያውቃቸው የዱር እንስሳት ነው። መጨረሻ ላይ እሷ ጣሪያ ሥር ብቻዋን ተኝታ፣ እሱ አንድ ደረጃ ርቆ ሲቃጠል እናየዋለን። እናዝንለታለን፤ ስለ እሷም እንፈራለን። ገጣሚዋ አንድም ቦታ ገብታ «ጥፋቱ የእሱ ነው» አላለችም። ብትል ኖሮ የገበሬው ድምፅ እዚያው ይሞት ነበር።

ሦስተኛውን ረቂቅ ለአያ አነበብሁላቸው። በዚህኛው አልሳቁም። ትንሽ ቆይተው፣ «አንድ ነገር ግን ዋሸህ» አሉኝ።

«ምኑ ላይ?»

«እኔ እርሾ ልበደር አልሄድሁም። ወንድ እርሾ ሊበደር ይሄዳል እንዴ? ትንሿን ልጅ ነው የላክሁ።»

እኔ ስንኙን ወድጄው ነበር፤ «እግሬ ተጎተተ» ጥሩ መስሎኝ ነበር። ግን እዚያ ላይ አሁንም የከተማ ሰው ነበርሁ፤ ራሴ ተነሥቼ ሄጄ የምጠይቅ። የእሱ ችግር መሄዱ አልነበረም። የአሥር ዓመት ልጅ ጠርቶ «እርሾ አምጪ» ማለት፣ የእናቷን ሥራ ለእሷ ማስረከብ ነው፤ እናቷ አትመለስም ብሎ መንገር ነው። ስለዚህ ስንኙ ተቀየረ።

እርሾውም ደረቀ ቡሃቃው ሻገተ፣
ልጅቷን ልላክ ስል ድምፄ ተጎተተ።

ቀለሙ ያው ስድስት በስድስት ነው፤ ቤቱም ያው ይመታል። የተለወጠው ሰውየው ነው። በፊት አፍሮ ነበር፣ አሁን አባት ሆነ።

ከዚያ ማንሣት የነበረብኝን ነገር አነሣሁ። ይህ የእርስዎ በሬ ነው፣ የእርስዎ ቡሃቃ ነው፤ ሰው ፊት ላንብበው ወይ አልኋቸው። አሰቡና፣ «በሬውን ውሰደው። እኔን ተወኝ» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ግጥሙን እንደገና ሄድሁበት። አክስቴ ከሞተች በኋላ እሳቸው ቤት ውስጥ የሆነው ሁሉ አልገባበትም፤ የትልቋ ልጅ መምጣት የለም፣ የለቅሶው ሰሞን የለም፣ እሳቸው በአንደበታቸው የነገሩኝ ሌላም ነገር የለም። ግጥሙ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ቀን፣ አንድ በሬ፣ አንዲት ልጅ ያለው ሦስተኛ ሰው ነው። የአያን በሬ ተውሷል፣ የእኔን ምጣኔ ተውሷል፤ ከሁለታችንም ግን አንዳችንን አይደለም። ምሽቱ ላይ ሳነበው አርእስቱን «የቦራ ጌታ» አልሁት፤ ማንም «እኔ»ውን በእኔ ስም እንዳይመዘግበው፣ በአያም ስም እንዳይመዘግበው።

አያ አገራቸው ሊገቡ ሲሉ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት ጠሩኝ።

«ያ ሰውዬ» አሉ፣ «ልጅቱን ላካት ወይስ አልላካትም?»

«አላውቅም አያ። ግጥሙ እዚያ ላይ ያበቃል።»

«ይላካት» አሉኝ። «ምን ያድርግ፤ ነገም ያርሳል።»